ሰውየው ሲሄድ ምን ይቀራል?

ጽሑፉ ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ታሪክ ሳስተምር በየዓመቱ የማይቀርልኝ ጥያቄ አለ። «ቲቸር፣ ደርግ ወታደራዊ መንግሥት ነው ወይስ የፓርቲ መንግሥት? መጽሐፉ አንዴ ደርግ፣ አንዴ ኢሠፓ ይለናል።» ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። በክፍል የ40 ደቂቃ ጊዜ በቅጡ ስለማይመለስ ዛሬ እዚህ ሰፋ አድርጌ ልሞክረው።

መጀመሪያ ስለ ዓይነቶቹ ትንሽ ልበል። ባርባራ ጌዴስ የምትባል አሜሪካዊት የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር አምባገነን መንግሥታትን በሦስት ትከፍላቸዋለች፤ የወታደር፣ የአንድ ፓርቲ እና የአንድ ሰው። የወታደር የምትለው መኮንኖች እንደ ቡድን ተመካክረው የሚገዙበትን ነው። የአንድ ፓርቲ የሚባለው ሹመቱም ፖሊሲውም በፓርቲው ውስጥ የሚያልቅበት ነው። የአንድ ሰው ደግሞ መሪው የወታደር ልብስ ይልበስ፣ የፓርቲ ሊቀመንበር ይባል፣ ሹመትና ሽረቱ፣ ሞትና ሕይወቱ በእሱ እጅ ያለበት ነው። ጌዴስ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ጥናት፣ ወታደሮቹ በአማካይ 9 ዓመት ገደማ፣ የአንድ ሰው አገዛዞች 15 ገደማ፣ የአንድ ፓርቲዎቹ ደግሞ 23 ገደማ እንደሚቆዩ አሳይታለች።

ለምን እንደዚያ ሆነ? ወታደር ከሥልጣኑ ይልቅ የሚፈራው የሠራዊቱን መከፋፈል ነው። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ሲጣሉ ነገሩ በድምፅ ብልጫ አያልቅም። ስለዚህ መኮንኖቹ ሲከፋፈሉ ብዙ ጊዜ «በቃ፣ ወደ ካምፓችን እንመለስ» ይላሉ። የፓርቲ ሰዎች ደግሞ ተጣልተውም ቢሆን አብረው መቆየት ያዋጣቸዋል፤ ዛሬ የተሸነፈው ነገ ሊሾም ይችላል። በአንድ ሰው ዙሪያ ያሉት ግን መውጫ የላቸውም። ከእሱ ጋር ወጥተዋል፣ ከእሱ ጋር ይወርዳሉ። ለዚህ ነው የአንድ ሰው አገዛዝ አብዛኛውን ጊዜ በድርድር ሳይሆን በደም የሚያልቀው።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንምጣ።

ወታደሩ እንዴት አንድ ላይ መጣ?

ንጉሡን እናስቀድም። እኛ የመንዝ ልጆች የሸዋ ነገሥታት ግንድ ከአጋንቻ ነው እያልን ስላደግን ነገሩ የቤታችን ወሬ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መፈንቅለ መንግሥትን የሚከላከሉበት ዘዴ ነበራቸው። ክቡር ዘበኛ ለብቻው፣ የጦር ሠራዊቱ ለብቻው፣ ብሔራዊ ጦርም ለብቻው ነበር። አንዱ ቢነሣ ሌላው ይመታዋል። ታኅሣሥ 1953 ንጉሡ ብራዚል ሳሉ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ በክቡር ዘበኛ ተማምነው ሲነሡ የሆነውም ይኸው ነው። የጦር ሠራዊቱና አየር ኃይሉ ከንጉሡ ጎን ቆሙ፤ ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሸፈ።

የ1966ቱ ለምን አልከሸፈም? ያ የመለያየት ዘዴ ስለፈረሰ ነው። የደርግን ሙሉ ስም አስታውሱ፤ የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስ፣ የብሔራዊ ጦር… እያለ ይዘረዝራል። ስሙ ረጅም የሆነው ለማማር አይደለም። ንጉሡ ለያይተው ያቆሟቸው ክፍሎች ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንድ ጠረጴዛ መቀመጣቸውን የሚናገር ስም ነው። ከየክፍሉ ሦስት ሦስት ተወካይ ተብሎ ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ያሉ ሰዎች መጡ። «መቶ ሃያዎቹ» የሚባለውም ከዚህ ነው። አሁን የሚመታ ሌላ ክፍል የለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን በቮልስዋገን ሲወስዷቸው የተኮሰላቸው አንድም ክፍል አልነበረም።

ሌላም ድካም ነበረበት። ንጉሡ ከ80 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር፤ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን በ1965 በጠና ታመው ውጭ አገር ይታከሙ ነበር። ተተኪ ነው የተባለው የልጅ ልጅ ገና ተማሪ ነበር። «ከእሳቸው በኋላ ማን?» ለሚለው መልስ አልነበረም። ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን።

ከመቶ ሃያው ወደ አንዱ

ደርግ በመጀመሪያው ዓመት በእርግጥም የወታደር መንግሥት ነበር። ይሰበሰባሉ፣ ይከራከራሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ። ሊቀመንበር ያደረጉትም ከራሳቸው ውጭ የነበሩትን ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶምን ነው። አማን በኤርትራ ጉዳይና በሌሎችም ከደርጉ ጋር ሳይስማሙ ቀሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ቤታቸው ተከቦ ተገደሉ፤ በዚያው ሌሊት የንጉሡ ዘመን ባለሥልጣናትና ሌሎችም ተጨምረው ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ።

ብዙ ሰው የዚያን ሌሊት ግፍ ነው የሚያስታውሰው። ለአገዛዙ ዓይነት ግን ሌላም ትርጉም አለው። ከዚያ ሌሊት በኋላ የደርግ አባላት ወደ ካምፕ የሚመለሱበት መንገድ ተዘጋ። እጃቸው በደም ተነክሯልና ሥልጣን ለቆ በሰላም መኖር የሚባል ነገር አከተመ። ወታደራዊ አገዛዝን የሚያሳጥረው ያ «ወደ ካምፓችን እንመለስ» የሚለው በር በሦስተኛው ወር ተቆለፈ ማለት ነው።

ቀጥሎ ያለው በውስጥ የተደረገ መተላለቅ ነው። ሐምሌ 1968 ሻለቃ ሲሳይ ሀብቴ ተገደሉ። ታኅሣሥ 1969 ሻምበል ሞገስ ወልደ ሚካኤልና ሻምበል ዓለማየሁ ኃይሌ አንድ ብልህ ነገር ሞከሩ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን አልገደሉም። የደርጉን አደረጃጀት የሚቀይር አዋጅ አስወጡ፣ የሊቀመንበሩን የጄኔራል ተፈሪ በንቲን ሥልጣን አጠናከሩ፣ መንግሥቱን በሥርዓት አስረው ሊያስቀምጡ ሞከሩ። በወረቀት አሸንፈው ነበር!

ነገር ግን ጠባቂዎቹ የማን ናቸው? ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. በምኒልክ ቤተ መንግሥት ስብሰባ ላይ ሳሉ የመንግሥቱ ሰዎች ገብተው ያዟቸው። ተፈሪ በንቲ፣ ሞገስ፣ ዓለማየሁና ሌሎችም በዚያው ቀን ተገደሉ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ማለቴ አይደለም፣ ዓመቱ ዞሮ በኅዳር 1970 ምክትል ሊቀመንበሩ ኮሎኔል አጥናፉ አባተ ተከተሉ።

ስለዚህ የወታደር መንግሥቱ ያበቃው መቼ ነው ብትሉኝ መልሴ ጥር 26 ነው። ስሙ ደርግ ሆኖ ቀጠለ፣ ልብሱም ያው ነው። ውስጡ ግን የአንድ ሰው ሆነ። በስብሰባ ድምፅ ያገኘ ሰው በስብሰባው አዳራሽ ከተያዘ፣ ከዚያ ወዲህ በስብሰባ ማን ይከራከራል?

ፓርቲው

«ታዲያ ኢሠፓስ?» ትሉኛላችሁ። ጥሩ።

በታኅሣሥ 1972 ኢሠፓአኮ (የፓርቲ አደራጅ ኮሚሽኑ) ተቋቋመ፣ በአሥረኛው የአብዮት በዓል፣ መስከረም 1977፣ ኢሠፓ ራሱ ተመሠረተ። ማዕከላዊ ኮሚቴ አለው፣ ፖሊት ቢሮ አለው፣ እስከ ቀበሌ ይወርዳል። የምሥራቁን ጎራ ፓርቲዎች ቁርጥ ይመስላል።

ግን የፖሊት ቢሮውን 11 ሙሉ አባላት ቁጠሩ። መንግሥቱ፣ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ፣ ፍሥሐ ደስታ፣ ተስፋዬ ገብረ ኪዳን፣ ብርሃኑ ባይህ፣ ለገሠ አስፋው፣ አዲስ ተድላ። ሰባቱ የደርግ ሰዎች ናቸው። የቀሩት አራቱ ሲቪሎች ናቸው፤ ከደርግ ውጭ የራሳቸው የፖለቲካ መሠረት ያለው ግን አንድም የለም። ፓርቲው መሪ አላወጣም፣ መሪው ነው ፓርቲ ያወጣው። የአንድ ፓርቲ አገዛዝ ዕድሜው የሚረዝመው ፓርቲው ከመሪው ቀድሞ ሲኖር፣ መሪውን ሲያሳድግ፣ ሲያስፈልግም ሲያወርድ ነው። ሥልጣን ከተያዘ አሥር ዓመት በኋላ በትእዛዝ የተሰፋ ፓርቲ እንደ ካባ ነው፤ ባለቤቱ ሲያወልቀው ራሱን ችሎ አይቆምም።

በአፍሪካም ሁለቱን ዓይነት አይተናል። የጋናው ንክሩማ በ1958 የካቲት ቻይና ሳሉ ወታደሩ ሲገለብጣቸው፣ ብቸኛ ሕጋዊ ፓርቲ የነበረው ሲፒፒ ሳይታኮስ ጠፋ። ታንዛኒያ ውስጥ ግን ኔሬሬ በ1978 ከፕሬዚዳንትነት በፈቃዳቸው ሲወርዱ ፓርቲያቸው ሌላ ሰው አስቀምጦ ቀጠለ፤ ዛሬም አለ።

ጄኔራሎቹ

አሁን የጉዳዩ እምብርት ጋ ደረስን። የአንድ ሰው አገዛዝ ሁለት ጠላት አለው፤ አንዱ ጫካ ያለው፣ ሌላው የራሱ ጦር። ችግሩ ሁለቱን የሚከላከሉበት መድኃኒት ይጣላል። ጫካ ያለውን ለማሸነፍ ጎበዝ፣ በራሱ የሚወስን፣ ወታደሩ የሚወደው አዛዥ ያስፈልጋል። መፈንቅለ መንግሥት እንዳይመጣ ደግሞ የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው፤ የማይወደድ፣ ትእዛዝ የሚጠብቅ፣ በፖለቲካ ኮሚሳርና በደኅንነት ሰው የሚጠበቅ አዛዥ።

በየካቲት 1980 የሆነውን ተመልከቱ። በሰሜን የናደው ዕዝን የሚመሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ነበሩ። በሠራዊቱ ዘንድ ስማቸው የተከበረ ነው። መንግሥቱ ወደ ኤርትራ ወጥተው በጦሩ ድክመት ተቆጥተው ሲመለሱ ጄኔራሉ በትእዛዝ ተረሸኑ። ወር ገደማ ቆይቶ፣ መጋቢት 1980፣ ሻዕቢያ አፍአበት ላይ ናደውን ሰበረው። ከባድ መሣሪያውን ሳይቀር ወሰደው። አንድ ጄኔራል ባይገደል ኖሮ አፍአበት አይወድቅም ነበር አልልም፤ የጦርነት ውጤት በአንድ ምክንያት አይመጣም። ነገር ግን የቀሩት አዛዦች ምን ተማሩ? «ቀድመህ ወስነህ ብትሳሳት ትገደላለህ፤ ዝም ብትል ቢያንስ ትእዛዝ እየጠበቅሁ ነበር ትላለህ።» እንዲህ የሚያስብ ጦር በማግስቱ በሽሬም ይደገምበታል፤ ተደገመም። የካቲት 1981 ሽሬ ላይ የነበረው ጦር ሲመታ መንግሥት ትግራይን ለቆ ወጣ።

ጄኔራሎቹም አንገሸገሻቸው። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን በረሩ። አውሮፕላናቸው እንደተነሣ ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤ፣ የአየር ኃይል አዛዡ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታና ጓደኞቻቸው መከላከያ ሚኒስቴር ተሰበሰቡ። ከ1953ቱ ጋር መመሳሰሉን አያችሁ? የአንድ ሰው አገዛዝ በጣም የሚጋለጠው ሰውየው አገር ጥሎ ሲወጣ ነው።

ግን ይህም ከሸፈ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ጄኔራል ኃይለ ጊዮርጊስ ሀብተ ማርያም አልተባበሩም፣ ተገደሉ። የቤተ መንግሥቱ ጠባቂ ጦር ታንኩን ይዞ ሕንፃውን ከበበ። መርዕድና አምሃ እጅ ከመስጠት ራሳቸውን አጠፉ። አሥመራ ያሉት ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶም በገዛ ወታደሮቻቸው ተገደሉ። እዚህ ላይ እንደ ጥር 26ቱ ነው፤ ማዕረግና ዕቅድ የነበራቸው ጄኔራሎቹ ናቸው፣ ጠባቂው ግን የሰውየው ነው።

ከዚያስ? ግንቦት 1982 ተይዘው የነበሩ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ሌሎች ብዙ መኮንኖችም ታሰሩ፣ ተባረሩ። መንግሥቱ ከመፈንቅለ መንግሥት ዳኑ። ግን የዳኑት በምን ዋጋ ነው? ግማሽ ሚሊዮን ይደርሳል የሚባለው ጦር ጭንቅላቱ ተቆርጦ። ሠራዊቱን ከሰውየው ሥልጣን የሚነጥለው የመጨረሻው ቡድንም አብሮ ጠፋ። ከዚያ በኋላ «እኛ ተደራድረን አገሩንም ጦሩንም እናትርፍ» የሚል ሰው ቢኖርም የሚሰማው አልነበረም።

ሰባት ቀን

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ናይሮቢ ላይ አርፈው ወደ ዚምባብዌ ተሻገሩ። ሥልጣኑ ለሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ቀረ። አሁን ፈተናው መጣ፤ ሰውየው ሲሄድ ምን ይቀራል?

ፓርቲው ጉባኤ ጠርቶ አዲስ መሪ መረጠ? አልመረጠም። ቀድሞም በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ስሙን ቀይረው «ዴሞክራሲያዊ አንድነት» አሉት፣ ልብ ያለው ሰው ግን አልነበረም። ሠራዊቱ መስመር ይዞ ለድርድር ጊዜ ሰጠ? አልሰጠም። ከፊሉ ወደ ሱዳን፣ ከፊሉ ወደ ጅቡቲ፣ መርከቦቹ ወደ የመን፣ የቀረው እግሩ ወደመራው። አገራችን ሰው ያንን ወታደር መንገድ ላይ ቂጣ እየሰጠ ነው የሸኘው። ግንቦት 20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። 13 ብለን 20 ስንደርስ ሰባት ቀን ነው። 17 ዓመት የቆመ መንግሥት፣ ከሰሐራ በታች ካሉት ከትልልቆቹ ጦሮች አንዱን ይዞ፣ ያለ ሰውየው የቆየው ሰባት ቀን።

ለልጆቹ ጥያቄ መልሱ እዚህ ነው። ደርግ በወታደር ተጀመረ፣ በጥር 1969 የአንድ ሰው ሆነ፣ በ1977 የፓርቲ ካባ ለበሰ። ካባውን ትታችሁ ያወላለቁን ቀን ተመልከቱ።

ማነጻጸሪያ

አሁን ከዚያ በኋላ የመጣውን አንድ ቀን ብቻ ልጥቀስ። ነሐሴ 2004 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ አረፉ። ብዙ ሰው «በቃ፣ አገሩ ተበተነ» ብሎ ነበር። አልተበተነም። መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ቃለ መሐላ ፈጸሙ፣ ቢሮው ሥራ ገባ። ለምን? መለስ ብዙ ሥልጣን ሰብስበው ነበር፤ በ1993 ህወሓት ሲሰነጠቅ 12 የማዕከላዊ ኮሚቴ አባላት ረግጠው ከወጡ በኋላ በተለይ። ነገር ግን ፓርቲው ከሥልጣኑ በፊት በጫካ የተሠራ፣ ለአራቱ አባል ድርጅቶች እኩል 45 መቀመጫ ያለው ምክር ቤት የነበረው ድርጅት ነው። ሰዎቹ ተለያይተው ከሚያጡት ይልቅ አብረው ተቀምጠው የሚያገኙት ይበልጣል። በየካቲት 2010 አቶ ኃይለ ማርያም ሲለቁም ተተኪው የተመረጠው በዚያው ምክር ቤት ነው።

ይህን ስል ኢሕአዴግን ማመስገኔ አይደለም። ዕድሜ መርዘም ደግ መሆን ማለት አይደለም፤ እስር ቤቱም ስደቱም በዚያ ዘመን ነበር። ፓርቲም ይሞታል፣ አሟሟቱ ግን ይለያል። የአንድ ሰው አገዛዝ ከላይ ወደ ታች ይፈርሳል። ፓርቲ ግን በስፌቱ ነው የሚተረተረው፤ ኢሕአዴግም በአባል ድርጅቶቹ ስፌት ተተረተረ፣ በ2012 ስሙ ቀረ፣ መዘዙም ቀላል እንዳልነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

እንግዲህ አንድን አገዛዝ ስሙን ትታችሁ ለመለየት እኔ ለተማሪዎቼ ሦስት ጥያቄ እሰጣለሁ። አንደኛ፣ ጠባቂው ጦር የሚታዘዘው ለማን ነው፣ ለወንበሩ ወይስ ለሰውየው? ሁለተኛ፣ በስብሰባ ተቃውሞ የተሸነፈ ሰው በማግስቱ ቤቱ ይገባል ወይ? ሦስተኛ፣ «ከእሱ በኋላ ማን?» ብሎ ጮክ ብሎ መጠየቅ ይቻላል ወይ? ሦስቱንም «አይ» ካላችሁ፣ ወረቀቱ ላይ ኮሚቴም ይጻፍ፣ ፓርቲም ይጻፍ፣ ያላችሁት በአንድ ሰው አገዛዝ ሥር ነው። የእንደዚህ ያለው ቤት ምሰሶው አንድ ነው፤ ምሰሶው ሲነቀል ጣሪያው የሚያርፈው ግን ከሥሩ በተቀመጠው ሕዝብ ላይ ነው።

በዚያን ጊዜ በሠራዊቱ ውስጥ የነበራችሁ አባቶችና ወንድሞች፣ ወይም ግንቦት 83ን በመንዝ፣ በግሼ፣ በመርሐቤቴ ያሳለፋችሁ፣ ያያችሁትን ከታች ጻፉልን። ተማሪዎቼ ያነቡታል። ስድብ ግን አይፈቀድም፣ ክፍሌ ውስጥ እንዳላችሁ ቁጠሩት።